አበው ሞባይል ነበራቸው

አበው ሲተርቱ «ባትሪው የደከመ ቻርጀር አይመርጥም» ይላሉ። ተግተው ነው የሚሉት፤ ጠዋት በቴሌግራም፣ ማታ በሠርግ ማይክራፎን። ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ግን ነገሩ ትንሽ ግራ ያጋባል። አበው ስለ ዋይፋይ፣ ስለ ላይክና ስለ ስክሪን ሾት ይህን ሁሉ የተረቱት መቼ ነው? ወይ እኛ ሳሎናችን ውስጥ ያጣነው ኔትወርክ መቃብር ድረስ ይደርሳል፣ ወይ ደግሞ አበው የሚባሉት ባለፈው ሳምንት ስልክ የገዙ ጎረምሶች ናቸው። ሁለተኛውን አልቀበልም። ጎረምሳ ቢሆን ከጽሑፉ ጀርባ ጺማም ሽማግሌና የምትጨስ ጀበና አይደረግም ነበር። ከሥዕሉ ግርጌ ደግሞ የቻናሉ ስም በቀይ ሰፍሯል፤ አበው የባለቤትነት መብታቸውንም ማስከበር ጀምረዋል ማለት ነው።

ወደዚህ ጥበብ መግባት ለሚሻ ወጣት አሠራሩን ልንገረው፤ አያስቸግርም። አንድ የቆየ ተረት ይወሰዳል። አጥንቱ እንዳለ ይቀመጥና ስሙ ብቻ ይወጣል፣ በምትኩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ይገባል። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የነበረው «ፋይበር ያላየ ዳታ ያመሰግናል» ይሆናል። አለቀ። ምቱን፣ ሚዛኑን፣ ግሡ መጨረሻ ላይ ጠብ የሚልበትን ግርማ ሟቾቹ ቀድመው ሠርተውታል። የሰሚው አንገት እንኳ ከልጅነቱ የለመደው ነውና ትርጉሙ ገና ሳይደርስለት መነቅነቅ ይጀምራል። ተራቹ የደከመው ፋይበር የሚለውን ቃል ሲጽፍ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የምወደው ግን የዋይፋዩን ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተሻሽሎ «የዋይፋዩን አገኝ ብላ ዳታዋን ጨረሰች» ሆኗል። ይጣፍጣል፤ ያስቃልም። እስቲ ወደ አሮጌዋ ሴትዮ እንመለስ። ቆጥ ከፍ ያለ ነው። እዚያ ያለውን ለማውረድ ክንድ መነሣት አለበት፤ ክንድ ሲነሣ ብብት ይከፈታል፤ ብብት ሲከፈት የተያዘው ይወድቃል። የጣለችው በዕድል አይደለም፣ ስለተንጠራራች ነው። ኪሳራዋን የወለደው ያው ምኞቷ ነው፤ ይህን ያየው ሰው ደግሞ አንዲት ሴት በእውነት ስትንጠራራ አይቷል። የኛዋ ባለ ስልክስ? ዋይፋይ መፈለግ ዳታ አይበላም። ልጅቷ ዳታዋን የጨረሰችው ቪዲዮ ስታይ ነው፤ ዋይፋዩ በሐሰት ተወነጀለ።

ተራቹ ስልኩን ለአንድ አፍታ አስተውሎ ቢሆን ኖሮ የሚለው አያጣም ነበር። ዋይፋዩ ተከፍቶ የሚያዝለት ያጣ ስልክ ደጋግሞ አካባቢውን ያስሳል፤ አሰሳው ደግሞ ባትሪ ይበላል። «የዋይፋዩን አገኝ ብላ ባትሪዋን ጨረሰች» ቢል ክንዱም ብብቱም በቦታቸው በሆኑ ነበር። አንድ ቃል ነው የሚለውጠው። ያንን ለማወቅ ግን ስለ ስልክ ከመተረት በፊት ስልክን ማየት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ለአበው የማይገባ ድካም ነው።

ሁለተኛው ዝነኛ ሥራቸው ስለ መልእክት ነው። አሮጌው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል፤ አዲሱ «ከተላከ ቴክስት የለም መመለሻ» ይላል፣ አንዳንዴም ፊቱን የያዘ ሰው ምስል ይጨመርበታል። እንዴት ያለ ጥልቀት! ችግሩ ይህን የጻፉት በቴሌግራም መሆኑ ነው። በቴሌግራም ሁለት ሰዎች የተጻጻፉት ነገር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በፈለጉት ጊዜ ከሁለቱም ስልክ ይጠፋል፤ የራስን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ማጥፋት ይቻላል፣ ዱካም አይተውም። በዋትስአፕ ሲሆን መልእክቱ ይጠፋና መጥፋቱ ይጻፋል፤ ሌሊት ምን ብሎኝ ይሆን እያሉ ማደር እዚያ አለ። ከስክሪን ሾት ደግሞ አንዱም አያድንም። እነሆ ተረት የሚሆን ነገር በሦስት በኩል ተዘርግቷል፦ ቃሉ ጠፍቶ ጸጸቱ የሚቀርበት፣ ጸጸቱም ቃሉም አብረው የሚጠፉበት፣ ባለቤቱ ያጠፋው በባዕድ ስልክ የሚኖርበት። ተራቻችን ግን ይህን ሁሉ ዘሎ ቴሌግራም ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ቴሌግራም ውሸት ይተርታል።

ምልክቶቹም እንዲሁ ናቸው። «ሁለት ራይት ያየ መልስ ይጠብቅ» የሚል ምክር አንብቤያለሁ። በቴሌግራም ሁለት ራይት ማለት ተነቧል ማለት ነው። በዋትስአፕ ግን ስልኩ ላይ ደርሷል ማለት ብቻ ነው፤ መነበቡ የሚታወቀው ሰማያዊ ሲሆን ነው፣ ያም ሰውየው ካልዘጋው። ዱባይ ያለች እህቱን በዋትስአፕ የሚያገኝ ሰው ይህን ተረት አምኖ ቢቀየም የቤተሰብ ሽምግልና ሊያስፈልግ ነው። ከዚያ ኩባንያው አንድ ማታ ሁሉንም ይለውጠዋል፤ ጥበቡም ጠዋት ላይ ጊዜው ያልፍበታል። ጅብ በዚህ በኩል ታማኝ እንስሳ ነው፤ አፕዴት አያደርግም።

የምቀኛ ወሬ እንዳይመስልብኝ አንድ መፈተኛ ላቅርብ። «ከሺህ ላይክ አንድ ደዋይ ይሻላል» ይባላል። ገልብጡት፦ «ከሺህ ደዋይ አንድ ላይክ ይሻላል።» ይኸኛውም አንገት ያስነቀንቃል፤ እንዲያውም ብድር ያለበት ሰው ይበልጥ ይረዳዋል። አሮጌዎቹም እኮ ይጣላሉ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ «ዝም አይነቅዝም» የሚለንና «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለን ያው አገር ነው። ግን እነዚያ የሚባሉት ለሰው ነው። አንዱ በሽማግሌ ፊት ሊቀባጥር ለተነሣ፣ ሌላው መብቱን እያየ ለሚሽኮረመም። ሰሚው ማን እንደተነካ ያውቃል፤ የተነካውም ያውቃል፣ ግን አልተሰደበምና መቆጣት አይችልም። የላይኩ ተረት የሚላከው ለአራት መቶ ሰው ነው፣ ጠዋት፣ ከጽጌረዳ ጋር። የሚነካው የለም፤ መልሱም ሁልጊዜ የሚያጨበጭቡ ሁለት እጆች ናቸው።

ስልክ ተረት አይወጣውም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ካርድ የሌለው ሰው አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል፤ ደውሉልኝ ማለቱ ነው፣ ሁላችን አድርገነዋል፣ ነውርም የለውም። ካርድ እያለው እንደዚያ የሚያደርግ አጎት ደግሞ በየዘመዱ አይጠፋም። ስለ አንድ ንፉግ ሀብታም «ካርድ ሞልቶ ሚስድ ኮል ያደርጋል» ቢባል፣ ስልክ ባልተነካበት ጉዳይ እንኳ፣ ለምሳሌ ለለቅሶ መዋጮ፣ ማን እንደሆነ ይገባናል። ቤት አይመታም፣ ጺም የለውም፣ አበው አላሉትም።

ስለዚህ አበው ያሻሽሉታል። ቤት መምታት አለበት፤ ለ«ኮል» የሚገጥም ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ ከጀበናው ጋር፣ እንዲህ ሆኖ ይወጣል፦ «ካርድ ሳለ ሚስድ ኮል፣ ኳስ ሳለ ያለ ጎል።» ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሁለቱ እጆች ግን ማጨብጨብ ጀምረዋል።