ደንበኛ ላልሆነ ሰው የተላከ በግ

ይድረስ ለክቡር የስጦታ አድራሽ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፤
አዲስ አበባ።

ክቡር ሆይ፤

በባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆች ላገር ቤት ወላጆቻቸው በግና ድፎ ዳቦ፣ አበባና ቶርታ የሚልኩበትን መንገድ የከፈተውን፣ «ግልጽ ዋጋ፣ የታመነ እጅ» የሚለውንም ቃል በማስታወቂያው ሁሉ ላይ እንደ ማኅተም ያሳረፈውን ድርጅትዎን ለማመስገን ይህችን ደብዳቤ ስጽፍ፣ ምስጋናዬ ቢዘገይ እንዳይፈርዱብኝ እለምናለሁ፤ መዘግየትን የተማርሁት ከእርስዎ ቤት ነውና።

በ2017 ዓ.ም. ለትንሣኤ በዓል፣ በሜሪላንድ በነርስነት የምትሠራው ልጄ አንድ ሙክት ላከችልኝ። ለጸሎተ ሐሙስ የተቀጠረው በግ ደጄ የደረሰው በቀዳም ስዑር፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። እኔም ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠኝን ቄጤማ በራሴ እንዳሰርሁ፣ በሁዳዴ የከሳ ሰውነቴን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ልጄ ያሰበችልኝን ለመቀበል በደስታ ወጣሁ።

መኪናው ላይ ከነበረው ወጣት የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል «እንኳን አደረስዎ» ሳይሆን «አባባ፣ ኮዱን ይንገሩኝ» የሚል ነበር። ኮዱ ለካ ለላኪዋ ስልክ እንጂ ለተቀባዩ አይላክም ኖሯል። በዚያች ሰዓት በሜሪላንድ ገና ከቀኑ 5 ሰዓት ነው፤ ልጄ ደግሞ ሌሊቱን በሥራ አድራ ስልኳን ዘግታ ተኝታለች። ስለዚህ የራሴን ማንነት ለማስመስከር፣ እኔ በደጃፌ፣ በጉ በመኪናው፣ ጎረቤቶቼም በየበራቸው ሆነን ከአርባ ደቂቃ በላይ ቆምን። በመጨረሻ ወጣቱ ወደ አለቃው ደውሎ መታወቂያዬን በስልኩ አነሣና፣ እኔ እኔ መሆኔ በሦስተኛ ወገን ጸደቀ።

ቀጥሎ «የማድረሻ 700 ብር» አለኝ። ልጄ ከፍላለች ብለው፣ «እሱ እስከ ቀለበት መንገድ ድረስ ነው፤ አያት ከቀለበት መንገድ ውጭ ነው» ብሎ በትሕትና አስረዳኝ። ለዋዜማው የሚያሻውን ሁሉ ሸምቼ ኪሴ ባዶ ነበርና፣ ሰፈርተኛው ሁሉ እያየ ከባለ ሱቋ ጎረቤቴ 700 ብር ተበደርሁ። ክቡር ሆይ፤ ስጦታ ተቀብሎ ባለ ዕዳ መሆንን በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜዬ ያየሁት ያን ማታ ነው።

ከዚያም ፎቶግራፉ መጣ። «ለላኪዋ ማረጋገጫ ነው፤ ቀንዱን ይያዙና ፈገግ ይበሉ» ተባልሁ። የመጀመሪያው ፈገግታዬ አልበቃም፤ ሁለተኛው ላይ በጉ ዘወር አለ፤ ለሦስተኛው ወጣቱ የፊት እግሮቹን በድንጋይ ላይ አቁሞ ቁመናውን ከፍ ካደረገለት በኋላ፣ እኔና በጉ ሁለታችንም የማናምንበትን ደስታ ለልጄ አሳየናት።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ በግ በዓይን ብቻ አልገዛም። መኪናው እንደሄደ ወገቡን ብዳብሰው የጀርባው አጥንት እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ተቆጠረልኝ። አፉን ብከፍተው የወተት ጥርሱን ገና አልለወጠም። ሙክት ማለት ተኮላሽቶ የደለበ ማለት ሲሆን፣ ይህ ግን ገና ያልተኮላሸ ጠቦት ነበር። የተነፋው ሆዱ ደግሞ ስብ እንዳይመስልዎ፤ ጨው አልሰው ውኃ ያጠጡት በግ ገበያ ላይ ያምራል፣ ሌሊቱን ሲሸና ግን ይሟሽሻል። ስለዚህ በግ የሚያውቅ ሰው ሆዱን ትቶ ወገቡንና ላቱን ይጨብጣል። ሲነጋ ታርዶ በባለ ሱቋ ሚዛን ሲመዘን ሥጋው ከነአጥንቱ 9 ኪሎ ወጣ። ከበግ የቁም ክብደት ሥጋ የሚሆነው ከግማሽ በታች ነውና፣ በማስታወቂያዎ «ከ30 ኪሎ በላይ» የተባለው በግ ቢያንስ 12 ወይም 13 ኪሎ ሊወጣው ይገባ ነበር፤ የኔው ግን በቁሙ ከ20 ኪሎ ብዙም ያለፈ አልነበረም።

ልጄ ደውላ «አባዬ፣ ደስ አለህ? ፎቶህን አየሁት» ስትለኝ፣ «እጅግ፣ ልጄ፤ የሰባ ነው» አልኋት። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ በትንሣኤ ማለዳ በሐሰት ገደፍሁ።

ቶርታው በፀሐይ ስለ ፈሰሰባቸው፣ አበባው ሌላ ቀበሌ ስለ ሄደባቸው ሰዎች የሚወራውን ሁሉ እዚህ አላነሣም፤ እነሱም ብዕር አላቸው። እኔ የማወራው በማክሰኞ ዕለት ከመሥሪያ ቤትዎ መስኮት ፊት ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ስለ ሰማሁት ቃል ነው። ጸሐፊዋ ስሜን ከኮምፒዩተሩ ፈልጋ፣ «ቅሬታ የሚያቀርበው ከፋይ ነው፤ እርስዎ ተቀባይ እንጂ ደንበኛ አይደሉም» አለችኝ።

ደንበኛ አይደለሁም! ታዲያ በጉን ለማን ነው ያመጣችሁት? መታወቂያዬን የመረመራችሁት፣ 700 ብር የተቀበላችሁት፣ በደጄ እንደ ዝንጀሮ ያሳቃችሁት ማንን ነበር? የልጅን ናፍቆት በመስፈሪያ አጉድሎ መሸጥ ስሙ ንግድ አይደለም፤ ሌብነት ነው።

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ፤ ትሕትናዬ ለጥቂት ጊዜ ከእጄ አምልጣ ነበር፤ መልሻታለሁ።

በዚያው መስኮት ግን ዓይኔ ከጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ላይ አርፎ ልጄ የከፈለችውን አየሁ፦ በግ 189 ዶላር፣ የአገልግሎት ክፍያ 0። በዚያ ሰሞን አንድ ዶላር በባንክ በግምት 130 ብር ነበርና፣ ልጄ ያወጣችው 24,570 ብር ገደማ ሆነ። ያን መሰሉ ጠቦት በሰፈራችን የበግ ተራ 12,000 ብር ቢያወጣ ነው። በመካከሉ የቀረው ከ12,000 ብር በላይ የሆነ ገንዘብ በሒሳብዎ «ዜሮ» ይባላል። ለነዳጅ፣ ለሾፌር፣ ለካርድ ክፍያ ወጪ እንዳለብዎ አላጣሁትም፤ ትርፍም ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ዋጋው በዶላር ብቻ ተጽፎ የበጉ የብር ዋጋ ከተሸሸገ፣ ክፍያው ሁሉ በምንዛሪው ውስጥ ይደበቃል።

ከዚህ ሁሉ የተማርሁት ምሥጢር አንድ ነው። ከፋይዋ በጉን አታይም፤ በጉን ያየው ዋጋውን አያውቅም። ዋጋ መጠየቅ ለተቀባይ ነውር፣ ስጦታን ማናናቅም ለአባት ነውር ነውና፣ ድርጅትዎ የተመሠረተው በታመነ እጅ ላይ ሳይሆን በኛ ይሉኝታ ላይ ነው። ፎቶግራፉም በግ መድረሱን እንጂ የተከፈለበት በግ መድረሱን አይመሰክርም።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። ደረሰኝዎ በጉ የተገዛበትን ብር፣ የዕለቱን ምንዛሪ፣ እስከ ደጃፍ ያለውን ማድረሻና የድካም ዋጋችሁን ለየብቻ ይጻፍ፤ አንድ ቅጂውም ለተቀባዩ ይሰጥ። ኮዱ በጉን በሚረከበው ሰው ስልክ ይግባ። ፎቶም ካስፈለገ እኔን ትታችሁ በጉን በሚዛን ላይ አንሡት፤ ሚዛን በይሉኝታ ፈገግ አይልም።

የበጉን ገመድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ፤ በማስታወቂያችሁ ላይ እንደሚታየው ሆኖ የደረሰኝ እርሱ ብቻ ነውና ለሌላ ይጠቅማችኋል። ይህችን ደብዳቤ ያነበበች እንደ ሆነ ልጄ ስለ ሐሰቴ ይቅር ትበለኝ።

ደንበኛ ያልሆንሁት፣
ተቀባይዎ

ከቀለበት መንገድ ውጭ