ከስክሪንሾት ላይ በሚገባ ለመሳሳት

በዴሳ ዙሪያ ካሉ የበቆሎ ማሳዎች የተሰበሰበ ነው የተባለ የነጥብ ግራፍ ስክሪንሾት በቴሌግራም ደረሰዎት እንበል። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ማሳ ነው፤ አግድሙ በሄክታር የተጨመረው ማዳበሪያ በኪሎ፣ ሽቅቡ በሄክታር የተገኘው በቆሎ በኩንታል። (ቁጥሮቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ።) ሰንጠረዡን ማንም አልላከልዎትም፤ ለመሳሳት ግን ስዕሉ ይበቃል።

በመጀመሪያ፣ ነጥቦቹ ወደ ቀኝ ሽቅብ ከወጡ «ተዛምዶው እጅግ ጠንካራ ነው» ብለው ያውጁ። ዳገቱ ካነሰብዎት ስዕሉን ወደ ላይ ይለጥጡት። አንዱ ነገረኛ «የተዛምዶ ጥንካሬ የሚለካው ነጥቦቹ መስመሩን ምን ያህል ተጠግተው እንደቆሙ ነው፤ ስዕል ቢለጠጥ ዳገቱ እንጂ ጥንካሬው አይለወጥም» ቢልዎት፣ ቅናት ነው ብለው ይለፉት።

ቀጥሎ ከመንጋው የወጣውን ነጥብ ይፈልጉ። እነሆ፣ 25 ኪሎ ላይ 30 ኩንታል። ጎረቤቶቹ እዚያ ቦታ ላይ 16 ወይም 17 ኩንታል ነው ያላቸው። ወዲያው ይሰርዙት፤ ወይም «ተአምረኛው ገበሬ» የሚል ዘገባ ይጻፉበት። ማሳው የማን ነው፣ እንዴት ተለካ ብለው ግን በፍጹም አይደውሉ! ከደወሉ ነገሩ ይበላሻል፦ ሰውየው 25 ኪሎውን ያደረገው በአንድ ጥማድ ላይ ነበር። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ስለሆነ ትክክለኛው ቁጥር 100 ኪሎ ነው፤ ምርቱ ግን ቀድሞውኑ ወደ ሄክታር ተቀይሯል። ነጥቡ ወደ 100 ሲዛወር ከሌሎቹ መሃል ገብቶ ይቀመጣል። ተአምሩም ስረዛውም ቀረ ማለት ነው፤ ምን ዋጋ አለው?

መስመሩን ሲያሰምሩ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነጥብ ብቻ ያገናኙ። ግልጽ ማስመሪያ ደመናው መሃል አስተኝቶ፣ ከላይና ከታች የሚቀሩት ነጥቦች ከዳር እስከ ዳር እስኪመጣጠኑ ማንቀሳቀስ ጊዜ ይፈጃል። እንዲያ የሚደክም ሰው ከራሱ ከመስመሩ ላይ ሁለት ተራራቂ ቦታዎች ያነባል፤ 50 ላይ 21፣ 150 ላይ 39። ልዩነቱ በ100 ኪሎ 18 ኩንታል፣ ማለትም በኪሎ 0.18 ነው። ከ21 ላይ ለ50ው ኪሎ 9 ሲቀንስ መነሻው 12 ይሆንለታል። እርስዎ ግን መስመሩ የስዕሉን ግራ ጠርዝ የነካበትን፣ ወደ 16 ገደማ ያለውን ቁጥር፣ «ያለ ማዳበሪያ የሚገኝ ምርት» ይበሉ። አግድሙ ከ0 ሳይሆን ከ20 እንደሚጀምር ማን ያያል? ስክሪንሾቱን የላከውም ሰው ቢሆን የታችኞቹን ቁጥሮች ግማሽ ቆርጦታል።

ነጥቦቹ 150 ኪሎ ላይ ቢያበቁም መስመርዎ አያቁም። ብዙ ማዳበሪያ የገዛው ገበሬ ምርጥ ዘርም ገዝቶ፣ በሬም ኖሮት ይሆናል የሚለውን ሐሳብ እንደ ሐሜት ይቁጠሩት። 600 ኪሎ ላይ 120 ኩንታል ይወጣል፤ ይህንኑ ይዘው ገበሬው ዘንድ ይሂዱና ይንገሩት። የማዳበሪያውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ከጠየቀዎት፣ ግራፉ ላይ ዋጋ የሚባል አግድም እንደሌለ ያስረዱት።