አበል የሌለው ስብሰባ

በአገራችን አበል የማይከፈልበት ስብሰባ አለ ከተባለ የኛ ቤቱ ነው። ሰብሳቢዋ ባለቤቴ፣ ጸሐፊው እኔ። ምልዓተ ጉባኤው ሁለት ሰው ስለሆነ አንዳችን ካኮረፍን ይበተናል።

የምንሰበሰበው በወር አንዴ፣ ደሞዝ ሊገባ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ቀኑን የወሰነችው እሷ ናት፤ ልክም ናት። ደሞዝ ከገባ ወዲያ የሚደረግ ስብሰባ ችሎት ነው፤ ብሩ ወጥቶ አልቋል፣ የቀረው «የት አደረስከው?» ብቻ ነው። ገና ባልገባ ብር ላይ ግን ተከሳሽ የለም። ሰዓታችን ከአቦል እስከ በረካ ነው። በረካ ተጠጥቶ ያላለቀ ነገር ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል።

አጀንዳው አራት ነው፤ ክፍያ፣ ዕዳ፣ ዕቅድ፣ በመጨረሻም ጭቅጭቅ። ጭቅጭቁን ያስቀደምን ለታ የመብራት ሂሳብ ላይ ሳንደርስ የወንድሜ ሠርግ ላይ እንደርሳለን።

ክፍያው ብዙ አያነጋግርም። የቤት ኪራዩን፣ መብራቱን፣ ውሃውን፣ እድሩን እሷ ትጠራለች፣ እኔ እመዘግባለሁ። የሚያስቸግሩት በየወሩ የማይመጡት ናቸው፤ የመስከረም የትምህርት ቤት ምዝገባና የፋሲካ በግ። ፋሲካ በየዓመቱ እንደሚመጣ እየታወቀ በየዓመቱ ያስደነግጠናል። አሁን እነዚህን ደምረን ለ12 እናካፍላለን፤ በጉ በጥቅምትም በኅዳርም ድርሻውን ይወስዳል።

ያነታረከን እቁቡ ነው። 12 ሰዎች በወር 3 ሺህ ብር እንጥላለን፤ ዕጣው 36 ሺህ ነው። እኔ ክፍያ ውስጥ ጻፍኩት፤ ቀን አለው፣ ካሳለፉት ዳኛው ይቀጣል፣ ታዲያ ከኪራይ በምን ይለያል? እሷ ደግሞ «ቁጠባ ነው፣ ዕቅድ ውስጥ ይግባ» አለች። ክርክሩ ሳይቋጭ በአራተኛው ወር ዕጣው ለኛ ወጣ። እኔ በደስታ ሞባይሌን አንስቼ የፍሪጅ ዋጋ ሳይ፣ ሰብሳቢዋ ረጋ ብላ «በል አሁን ወደ ዕዳ አዛውረው» አለችኝ።

«ማን ተበደረ?»

ካልተቆላው ቡና 12 ፍሬ ቆጥራ ረከቦቱ ላይ ደረደረች። አራቱን ወደ እኔ ገፋች፤ ስምንቱ እዚያው ቀሩ። «የጣልነው አራት ጊዜ ነው፤ 12 ሺህ። የወሰድነው 36 ሺህ። 24 ሺው ገና ያልወጣላቸው ሰዎች ብር ነው። ዋስ አምጡ የተባልነው ለምን መሰለህ? ለሚቆጥብ ሰው ዋስ ይጠየቃል?»

መልስ አላገኘሁም፤ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ያዝኩ። በዚህ ሂሳብ ከእቁብተኞቹ ሁሉ ትክክለኛው ቆጣቢ መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ሰው ነው። ምስኪን፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ ወለድ ሲያበድረን ይከርምና ብሩ እጁ ሲገባ ገበያው ጥሎት ሄዷል። ቀድሞ የወጣለት ግን ወለድ የሌለው ብድር አግኝቷል፤ ኑሮ እየተወደደ ባለበት ጊዜ ከዚህ የተሻለ ብድር የሚሰጥ ሰው እኔ አላውቅም። አደጋው ዕጣው ሲወጣ እቁቡ ያለቀ መምሰሉ ላይ ነው። የቀሩት ስምንት ወሮች 3 ሺህ 3 ሺህ እያሉ ይመጣሉ፤ ካልተዘጋጁላቸው ከአስቤዛው ላይ ይወሰዳሉ፣ አስቤዛው ደግሞ ሱቅ ሄዶ በዱቤ ይሞላል። ምልክቱን ሱቁ ይነግረናል፤ ወሩ ሳይጋመስ የዱቤ ደብተራችን ከተከፈተ የሆነ ቦታ የሌላ ሰው ብር በልተናል ማለት ነው።

ስለዚህ እቁቡ እስኪያልቅ ዕዳ ተብሎ እንዲመዘገብ፣ ሲያልቅና አዲስ ስንጀምር ዕጣ እስኪወጣልን ዕቅድ እንዲባል ወሰንን። ክፍያ የሚለው የኔ ሐሳብ በአንድ ድምፅ ድጋፍ፣ በአንድ ድምፅ ተቃውሞ ወደቀ። በኛ ቤት እኩል ድምፅ ሲሆን ሰብሳቢዋ ታሸንፋለች።

ቀጥሎ ጭቅጭቁ። እዚህ ላይ አንድ ያዋጣን ደንብ አለ፤ ለየግላችን በወር 1 ሺህ 500 ብር ይመደባል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅበትም። የኔ ማኪያቶና የእሷ ፀጉር ቤት ከአጀንዳ የወጡት በዚህ ነው። ከ2 ሺህ ብር በላይ የሆነ ግዢ ግን ሳይመከርበት አይገዛም፤ «ቅናሽ ነበር» ማለት ምክክር አይደለም።

ፍሪጁ ጸደቀ፤ የሚቀጥሉት ስምንት ወሮች 3 ሺህ ብር ደሞዝ በገባ ዕለት ከሁሉ በፊት ይነሳል በሚል ግዴታ። ባለቤቴ ግን ጎረቤት መጥቶ ሲያደንቀው አታልፈውም፤ «አንድ ሦስተኛው የኛ ነው» ትላለች።

ሱቅ ስንደርስ 36 ሺህ የነበረው 38 ሺህ ገብቷል። ሁለቱ ሺህ ከማን የግል ገንዘብ ይቀነስ የሚለው ላይ ስምምነት ስላልተደረሰ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል።