የሌሊት 8 ሰዓት ክኒን

ይህ ጽሑፍ ውዳሴ ነው። የሚወደሰው ደግሞ "8 ኤኤም፣ 8 ፒኤም" ብሎ ጽፎ ወረቀቱን ለሽማግሌ የሚያስጨብጥ ሐኪም ነው። ለአጎቴ ሶዶ ላይ እንዲህ ተጽፎላቸው አይቻለሁ። የታዘዘላቸው የስኳር ክኒን ነው፤ ግሊቤንክላማይድ፣ 5 ሚሊግራም። ያው ሐኪም በአፉ "ለቀጠሮው 3 ሰዓት ላይ ይምጡ" ብሏቸዋል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው። እስክሪብቶ ሲያነሳ ብቻ ሰዓቱ ባሕር ይሻገራል።

አጎቴ ማንበብ አያቅታቸውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በወላይትኛም ስላስተማረ ፊደል ቆጥረዋል፤ "ኤኤም" ግን ከፊደሉ መካከል አልነበረም። ስለዚህ እንደ ሀገራቸው ሰው አነበቡት፦ ቀን 8 ሰዓት፣ ሌሊት 8 ሰዓት።

ለሰፈሩ የዋለውን ውለታ አስቡት! ክኒኑ ከምግብ ጋር ስለሚዋጥ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቤቱ ሁሉ ይነሳል። እሳት ይቀጣጠላል፣ ቆጮ ይጋገራል፣ ዳጣ ይፈጫል። ጭሱን ያየ ጎረቤት ለቅሶ መስሎት እየሮጠ ይመጣል፤ የመጣ ሰው ደግሞ ቡና ሳይጠጣ አይሸኝም። የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል። አጎቴ በገዛ ለቅሷቸው መካከል ተቀምጠው ቆጯቸውን በዳጣ እያጣቀሱ "ማን ነው የሞተው?" ይላሉ። በሳምንቱ አውራ ዶሮዎቹም በአዲሱ ሰዓት መጮህ ይጀምራሉ። ቀበሌውን በአንዲት ፍሬ ክኒን እንዲህ ያነቃቃ ማን አለ?

"1×2" ብቻ የሚጽፉትም ይመስገኑ፤ ሽማግሌውን ማባዛት ያስከልሳሉ። "በቀን ሁለቴ" የሚሉት ደግሞ ሁለቱንም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲጨርስ ይጋብዙታል።

እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ሰዓት እሳት የሚያቀጣጥል የለም። ሽማግሌው ክኒኑን በውኃ ውጦ ይተኛል። ባዶ ሆዱን ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባዥራል፤ ቤተሰቡም "ቅዠት ነው" ብሎ ይተወዋል። ይህ መድኃኒት እስከ 24 ሰዓት ስኳር ሲያወርድ ስለሚቆይ ለአረጋዊ በተለይ አደገኛ ነው። ይገድላል።

ተመልሰን እንደገና አስጻፍነው፦ "ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቁርስ ሲቀርብ፣ 1 ፍሬ። ማታ 2 ሰዓት፣ ራት ሲቀርብ፣ 1 ፍሬ። ምግብ ካልበሉ ክኒኑን አይዋጡ፤ በኋላም ደርበው አይዋጡ።" መጠኑም ሰዓቱም ያው ነው፤ ግን ምግቡ ከተጻፈ ሰዓት የሌለው ሰው እንኳ አይሳሳትም። "ገባዎት?" ብሎ መጠየቅም አይበቃም፤ ሽማግሌ ሐኪም አክብሮ "አዎ" ይላል። "ማታ መቼ ነው የሚውጡት?" ሲባሉ፣ አጎቴ በወላይትኛ "ራት ሲቀርብ" ብለው መለሱ።

ሐኪሞች ሆይ፣ ስሌቱን ለታማሚው አትተዉ፤ 6 ቀንሳችሁ ጻፉ።