እኔ ይዣታለሁ

የምሠራበት አስጎብኚ ድርጅት ሦስት ሰውና አንድ የጂሜይል አድራሻ አለው። ታላቃችንን ሁላችንም እቴቴ እንላቸዋለን፤ ታናሻችን ማሙሽ ነው፤ መሐሉ ላይ እኔ አለሁ። ሦስታችንም ያንኑ ሣጥን ከፍተን ስለምንውል፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መልስ ለመሄድ የጠየቀ አንድ የውጭ አገር ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለት መልስ ደረሰው። እቴቴ «መኪናው ጠዋት 2:00 ላይ ሆቴልዎ ይደርሳል» ብለዋል። ማሙሽ ደግሞ ለፈረንጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ብሎ «8:00» ጽፏል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰውየው ግን በታላቅ ትሕትና «ሌሊቱንም የምንጓዝ ከሆነ ብርድ ልብስ ልያዝ?» ሲል ጠየቀ።

ይህ የትጉሃን በሽታ ነው። በሰነፍ ቢሮ ለአንድ ደንበኛ ሁለት ሰው አይመልስም፤ አንድም አይመልስም።

በፊት የምንተማመነው በድምቀት ነበር። ያልተነበበ መልእክት ደምቆ ይታያል፣ አንዳችን ስንከፍተው ለሁላችንም ይደበዝዛል። ግን የከፈተው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሊመልስ ይሁን አንብቦ ቡና ሊጠጣ ይሂድ፣ ከቶ አይታወቅም። ቀጥለን ኮከብ ማድረግ ጀመርን። ኮከብ ማለት ድሮ በቀበሌ ሱቅ ወረፋ የምናስቀምጣት ድንጋይ ናት፤ ቦታው እንደተያዘ ትናገራለች፣ የማን እንደሆነች ግን ባለቤቷ ካልመጣ አትናገርም። ባለ ኮከቧን መልእክት እያየን ሦስታችንም «አንዱ ይዟታል» ስንል፣ ደንበኛው ሌላ አስጎብኚ ያዘ።

የፈወሰን ስም ነው። በጂሜይል ሌብል የሚባለውን ከፈትንና ለእያንዳንዳችን በስማችን አንድ አንድ፣ በየቀለሙ ሠራን። ሌብሉ ሳይከፈት ከዝርዝሩ ላይ ስለሚነበብ ማን እንደያዘው ከሩቅ ይታያል። ሕጉ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ ንባብ። ለምን ብትሉ፣ ረጅም ደብዳቤ አንብቦ ዋጋ እስኪያሰሉ ድረስ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፤ ግጭቱም የሚፈጠረው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። መልሱ ሲላክ መልእክቱን አርካይቭ እናደርገዋለን። ደንበኛው መልሶ ከጻፈ ደብዳቤው ከነስሙ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፤ የጀመረው ሰው ይጨርሰዋል።

ጠዋት ጠዋት እቴቴ ይህችን መፈለጊያው ላይ ይጽፋሉ፦

```
in:inbox has:nouserlabels
```

ባለቤት የሌለው ሁሉ ተሰልፎ ይወጣል። አንዳንዴ ስም ያለው ደብዳቤም አብሮ ብቅ ይላል። ብልሽት አይደለም፤ ሌብል የሚለጠፈው በየመልእክቱ ላይ ስለሆነ፣ በኋላ የመጣው የደንበኛው ምላሽ ገና ስም አልወጣለትም ማለት ነው። እንዲያውም ጠቀመን፤ ምላሽ የሚጠብቅ እንዳለ ያሳብቃል።

ችግሩ ሁለት ሰው እኩል ሲይዝ ነው። አንድ ቀን እቴቴና ማሙሽ በአንድ መልእክት ላይ ስማቸውን እኩል ለጠፉ። ማሙሽ ሁለት ስም ሲያይ ለታላቅ ልልቀቅ ብሎ ስሙን አነሳ። እቴቴም በዚያችው ቅጽበት «ልጁ ይማርበት» ብለው የራሳቸውን አነሱ። ደብዳቤው በይሉኝታ ወላጅ አጥቶ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ስማችን በፊደል ተራ የቀደመው ይዞ ይቀራል፣ ሌላው ያነሳል፤ ምርቃትም መግደርደርም የለም። «መ» ከ«እ» ስለሚቀድም እቴቴ ሕጉን ዛሬም በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም።

ሌላው ጣጣ ስሙን ለጥፎ የሚጠፋ ሰው ነው። ለስለት ቁልቢ የሄደ ሰው ስሙ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ሌላውም «ተይዟል» እያለ ያልፋል። ስለዚህ ከሥራ የሚወጣ ሁሉ ካልመለሰው ደብዳቤ ላይ ስሙን አንስቶ፣ የሚረከበውን ሰው ስም ለጥፎ ይወጣል። ስም ያለው፣ ግን ከትናንት ወዲህ መልስ ያልወጣለት ደብዳቤ ካያችሁ ባለቤቱን ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ረስቶታል።

ሠራተኛው ሲበዛ ግን ይህ ዘዴ አይበቃም። ለደንበኛ አገልግሎት ተብለው የተሠሩት ሶፍትዌሮች ሌላ ሰው ያንኑ መልእክት ከፍቶ ሲጽፍ በዚያው ሰዓት ያሳያሉ፤ የእኛ ሌብል ያንን አይችልም። ለሦስት ሰው ግን ሌብልም ይበቃል፣ ገንዘብም አያስወጣም።

ስማችን የማይደርስበት አንድ ቦታ ቀርቷል። ደንበኛው ያንኑ ጥያቄ በኢሜይል ልኮ፣ በቴሌግራም ደግሞ፣ ለሦስተኛ ጊዜ በስልክ ከደወለ ሦስታችንም ሦስት ዋጋ እንነግረዋለን። እባካችሁ፣ የምትጽፉልን ሁሉ፣ በአንዱ ብቻ ጻፉልን።