ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ሰውዬ

ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። የሚያብረቀርቅ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ለሽያጭ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፤ ከሥሩ «ኦርጅናል ዕቃ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ ደግሞ እሱ ቆሟል። ባለመስመር ቲሸርት ለብሷል፣ ፊቱን በስልኩ ከልሏል፣ ወገቡ ሊበጠስ እስኪደርስ ቀጥኗል። ከጀርባው መደርደሪያ፣ የተንጠለጠለ አምፖል፣ አንዳንዴም ከምሳ ዕቃዋ የምትጎርስ ልጅ ትታያለች። ሌላው ሰው ዋጋ ሲጠይቅ እኔ ምሳው ሽሮ ይሁን ምስር ለመለየት ፎቶውን አስፋፋለሁ።

የሥራዬ ጠባይ ይሆናል። የምኖረው የዕቃ ፎቶ እያሳመርኩ ነው። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ኮምፒውተር ላይ አቧራ ይጠርጋል» ትላለች፤ ከዚህ አሳጥሮ የተናገረው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሰውዬው እዚያ የቆመው ወዶ አይደለም። ዕቃው ጠፍጣፋ መስታወት ቢሆን ኖሮ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያነሳና ይገላገል ነበር፤ ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ስለሚመለስ ከጎን የቆመ ሰው ራሱን አያይም። ክብ ሆድ ያለው ዕቃ ግን ክፍሉን በሙሉ ይውጣል። በየትም በኩል ብትቆሙ ከሆዱ አንዱ ቦታ ፊት ለፊት ወደናንተ ይዞራል፤ እዚያ ቦታ ላይ እናንተ አላችሁ። «ሌንሱ ላይ ፖላራይዘር ግጠምበት» ብለው የሚመክሩ አሉ። ፖላራይዘር የውሃን፣ የመስኮትን፣ የቫርኒሽን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ራቁቱን የሚያበራ ብረት ፊት ሲደርስ ግን ሥራ ይፈታል።

በስቱዲዮ በደንብ የሚሠሩት ሰዎች ወደ ኋላ ይርቃሉ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሆዱ ላይ የሚታየው ሰው ስፋት ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በረጅም ሌንስ አቅርበው ያነሱታል። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን በነጭ ጨርቅ ድንኳን ይከቡና ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ ይተዋሉ። ያኔ ከሰውየው የሚተርፈው አንዲት ጥቁር ነጥብ ናት። እሷን ማጥፋት ቡና እስኪፈላ አይፈጅም።

ደንበኛዬ እትዬ ግን ድንኳን የሚተክሉት ለሠርግና ለለቅሶ ነው። መርካቶ የቤት ዕቃ ይሸጣሉ። ማንቆርቆሪያውን ባንኮኒ ላይ ያስቀምጡና የሱቁን ልጅ «አንሳው» ይሉታል፤ እሱም ክንዱን ዘርግቶ በስልክ ያነሳዋል። ከዚያ ይደውሉልኛል።

«ልጄ፣ አቧራውን ጥረግልኝ፤ ይሄንንም ልጅ ከውስጡ አውጣልኝ።»

«እትዬ፣ አቧራውን ከማንሳታችሁ በፊት በጨርቅ ብታስወለውሉት…»

«ሲወለወል ነው የዋለው!»

እውነታቸውን ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። የፕላስቲኩ ክዳንና እጀታ በደረቅ ጨርቅ በታሸ ቁጥር ኤሌክትሪክ እየያዘ የመርካቶን አቧራ ይጠራል። በጎማ መንፊያ እፍ ማለትና ለስላሳ ብሩሽ ይሻለዋል።

እኔ ከአቧራው እጀምራለሁ። ከፎቶው በላይ ባዶ ሌየር ከፍቼ ጥገናውን ሁሉ እዚያ ላይ አደርጋለሁ፤ ሲበላሽ ያን ብቻ እሰርዛለሁ፣ ፎቶው አይነካም። ሂሊንግ ብራሹን ከአቧራዋ ጥቂት ሰፋ አድርጌ ነካ፣ ነካ። መሣሪያው ከጎን ያለውን ሸካራነት አምጥቶ ከቦታው ቀለም ጋር ያዋህደዋል። በመሐል ሜዳ ላይ ተአምር ነው። ወደ ዕቃው ጠርዝ ሲጠጉ ግን የውጪውን ጨለማ ወደ ውስጥ እየሳበ ጭቃ የነካ ጣት ያለፈበት ያስመስለዋል። እዚያ ላይ ጠርዙን በሰሌክሽን አጥሬ በክሎን ስታምፕ፣ ማለትም ቀለም ሳያዋህድ እንዳለ በሚገለብጠው፣ እሠራለሁ።

ልጁ ላይ ስደርስ ቀልድ ያበቃል። ቀጥ ያለ ሲሊንደር ሰውን ወደ ጎን ይጨምቀዋል እንጂ ቁመቱን እምብዛም አይነካውም፤ ስለዚህ ልጁ ከማንቆርቆሪያው አፍ እስከ መቀመጫው ድረስ መሐሉን ይዞታል። ከላይ ንጹሕ ቦታ ገልብጬ እንዳላወርድበት፣ ከላይም እሱ ነው። ያለው መፍትሔ እሱ የቆመበትን ቀበቶ በፔን ቱል ቆርጦ ከግራው ቀለም ወደ ቀኙ ቀለም ቀስ እያለ የሚሄድ አዲስ ብርሃን መዘርጋት ነው። ተዘርግቶ ሲያልቅ ደግሞ ልጁ የነበረበት ቦታ ጄሶ የተለሰነ ይመስላል፤ ምክንያቱም በስልክ የተነሳ ፎቶ ሁሉ ደቃቅ ሽርክት አለበት፣ የኔ ብርሃን ግን ሽርክት የለውም። በዚያ ላይ ተራ ፎቶ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ስላለው፣ ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ላይ ደረጃዎቹ እርከን ሆነው ይታያሉ። ሁለቱንም የሚፈታው ጥቂት ኖይዝ መነስነስ ነው። ያልተያዘ ነገር መኖሩን ለማየት ከላይ አንድ ከርቭ አስቀምጬ እንደ እባብ አጣምመዋለሁ፤ ፎቶው ያብዳል፣ የተደበቀው ጥገናም ሁሉ በየቦታው ብቅ ይላል። አስተካክዬ ከርቩን እጥለዋለሁ።

ልጁ ወጣ። ማንቆርቆሪያው አሁን ምን ይመስላል? ፕላስቲክ። ብረት መሆኑን የምናውቀው በሚያሳየው ነገር ነውና፣ ምንም የማያሳይ ብረት ግራጫ ባልዲ ነው። ስለዚህ በግራና በቀኝ ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር አወርዳለሁ፤ ስቱዲዮ ቢሆን ጥቁር ካርቶን በጎኑ አቁመው የሚያገኙት ነው። ከፊት ለፊት ደግሞ ረጅም ነጭ መስኮት እሠራለታለሁ። ልብ በሉ፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ የነበረውን ልጅ አስወጥቼ እዚያ ሱቅ ውስጥ የሌለ መስኮት አስገባሁ። እትዬ «አሁን የራሱን መልክ አገኘ» አሉ።

ክላራ ፔተርስ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር? ፍላንደርስ ውስጥ የነበረች የማዕድ ሠዓሊ ናት፤ ዳቦ፣ አሳ፣ አበባ፣ ጽዋ ትሥላለች። እ.ኤ.አ. በ1611 የሣለችው አንድ ሥዕል ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል፤ ጠረጴዛው ላይ በወርቅ የተለበጠ ጽዋና የሚያብረቀርቅ የወይን ጠጅ ማንቆርቆሪያ አሉ። ጠጋ ብሎ ላየው፣ በዕቃዎቹ ጉብ ጉብ ላይ ሠዓሊዋ ራሷ አለች፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግማ። በ1612ቱ ሥዕሏም ጽዋው ላይ እንዲሁ አድርጋለች፤ ይህኛው ጀርመን፣ ካርልስሩሄ ነው። ሴትየዋ ብሩሽ ይዛለች እኮ! ዕቃውን ባዶ አድርጋ ብትሥለው ድካሙ ይቀንስላት ነበር፤ እሷ ግን በጣት ጥፍር በማትሞላ ቦታ ላይ ፊቷን ለማስገባት ዓይኗን አፈሰሰች። ስለ ሕይወቷ የሚታወቀው እጅግ ጥቂት ነው። ፊቷ ግን ማንቆርቆሪያው ላይ አለ፤ ፕራዶም እ.ኤ.አ. በ2016 ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶላታል፤ ለሴት ሠዓሊ ብቻ ሲያዘጋጅ የመጀመሪያው ነበር። ከእሷ በፊት ያን ቫን አይክ በ1434 ባልና ሚስት ሥሎ፣ ከጀርባቸው ባለው ጎባጣ መስታወት ውስጥ በር ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች አሳየ፤ ከመስታወቱ በላይ ደግሞ «ቫን አይክ እዚህ ነበር» የሚል ጻፈ። የኛ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ግድግዳም እንዲህ የሚሉ ብዙ ሰዎች ነበሩት፤ ርዕሰ መምህሩ ግን በየክረምቱ ኖራ ያስቀባባቸው ነበር። እሳቸውም በሙያቸው የኔ ባልደረባ ናቸው።

ወደ እትዬ ማንቆርቆሪያ ልመለስ፤ ላዩ ላይ ስቲከር አለበት፣ ከእትዬ ጋር የምንጣላው በሱ ነው። ስቲከር በባለሙያ ደንብ ዕቃው ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ይላጣል፦ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጎ፣ ከጥግ ይዞ፣ ቀስ ብሎ መላጥ፤ የቀረውን ሙጫ በአልኮል። ሳይላጥ ፎቶ ከተነሳ፣ እንደ ልጁ ሙሉውን ቁመት ስላልያዘ፣ ከላዩ ያለውን ብረት ገልብጦ ማውረድ ይበቃዋል። በደስታ አጠፋሁላቸውና ላክሁ።

«ስቲከሩ የታለ?»

«አነሳሁት እትዬ፤ እንዲያምር።»

«ያገለገለ አስመሰልከው እኮ! መልስልኝ።»

መለስኩላቸው። ምን ልበል? ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለው የመብራት ፍጆታ ስቲከር ልጆች ተወልደው ኮሌጅ እስኪገቡ በማይላጥበት፣ ሪሞት በላስቲኩ እንዳለ በሚያረጅበት አገር፣ ስቲከር ማንሳት ድንግልና መድፈር ነው። ፈረንጅ ፎቶው ላይ ያጠፋዋል፣ ገዢውም ቤቱ ገብቶ ይልጠዋል። እኛ ጋ ግን ገዢው ስቲከሩን ገዝቶ ማንቆርቆሪያው ይመረቅለታል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋታ ነው። አንድ ሌላ ደንበኛ ግን፣ ያገለገለ ዕቃ እየሰበሰበ የሚሸጥ፣ የተቆለመመ ማንቆርቆሪያ ፎቶ ላከልኝ። መቀመጫው አጠገብ ጡጫ የሚያህል ጉድጓድ አለው፤ ከሥሩም ስንት ዋት እንደሚስብ የሚናገረው ጽሑፍ ግማሹ ተፍቋል። «ጉድጓዷን እንደ አቧራው አጥፋት፣ ጽሑፉንም ከሌላ አምጥተህ ሙላው» አለኝ፤ «እንደ አቧራው» ያለበት ድምፅ እስካሁን ያቃጥለኛል። አቧራ ጨርቅ ሲያገኘው ይሄዳል። ስቲከር ጥፍር ይበቃዋል። ፎቶ ያነሳው ልጅም ሥራው ሲያልቅ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። ጉድጓዱ ግን ከዕቃው ጋር ገዢው ቤት ይገባል፤ የሌላ ዕቃ ዋትም የሰው ቤት ሶኬት ላይ ይሰካል! ብሩን ቆጥራ ከሰፈር ሱቅ የምትልክ ሴት ፎቶውን አምና ነው የምትልከው። ዋጋውን በውስጥ መስመር ይደብቃል፣ ጉድጓዱን በኔ እጅ ይደብቃል፤ ታዲያ በአደባባይ የሚሸጠው ምኑን ነው? አልሠራም አልኩት። ሌላ ሰው ሠራለት፤ በሰዓታት ውስጥ ተለጥፎ አየሁት። ጥገናው ላይ ሽርክት የለም፤ ከዳር የነካውም ጭቃ ሆኗል። ሌባው ራሱ አልተማረም።

ንዴቴን ለእትዬ ነገርኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። «ሞኝ ነው» አሉ፤ «ጉድጓዱ ካልታየ ገዢው ሲከራከር በምን ላይ ይቀንስለታል?» በዚህ መንገድ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ትክክል ይሁኑ አይሁኑም ገና አልወሰንኩም።

ይልቅ ሌላ ሥራ ሰጥተውኛል። ቁም መስታወት አስመጥተዋል፤ ፍሬሙ ወርቃማ፣ ቁመቱ የሰው ልክ። ፊት ለፊት ተነስቶ ውስጡ ማንም እንዳይታይ ይፈልጋሉ። ከጎን አንስቼ በፎቶሾፕ አቃናዋለሁ፤ የዕቃ ፎቶ የሚያነሱ ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ጭቅጭቁ ውስጡ ምን ይታይ የሚለው ነው። ነጭ ካደረግሁት «ሰሌዳ ነው ይሉኛል» አሉ። ግራጫ ሳደርገው «ያረጀ ነው ይሉኛል» አሉ። ሰማይ ይሁን ስል «ሱቄ ጣሪያ የለውም እንዴ?» ብለው ተቆጡ። የሱቁ ልጅ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲሰማን ቆየና ቲሸርቱን ቀይሮ መጥቶ ይቁምበት እንደሆነ ጠየቀ። እትዬ አሁን ከላይ እስከ ታች እያዩት ነው።