ነፍሷን የጠራት ከተማ

የእህቴ ልጅ በ24 ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ከአዲስ አበባ ወጣች፤ ያውም ሐረር ድረስ። በማግስቱ ማታ ፎቶ ላከችልኝ። ሸዋ በር ሥር ቆማ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ክንዶቿን ዘርግታለች። «ጋሼ፣ ካፕሽኑን እይልኝ» ትላለች።

ካፕሽኑ ይኸው፦ «ነፍሴ ጠራችኝ፣ ተከተልኳት። ከግንቡ ወዲያ ነፃነት አለ። ጥንታዊት፣ ውብ፣ እንግዳ ተቀባይ፤ ሐረር፣ የማትጠገብ ምድር!»

እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ»ን ሲያወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሥራቸው አገር መሸጥ ነው፣ ደመወዝም ነበራቸው። የኛዋ ግን የአውቶቡሱንም የአልጋውንም ከራሷ ኪስ ከፍላ በነፃ ታስተዋውቃለች። እንዲህ ያለ አገር ወዳድ ትውልድ እያለ ቱሪዝም መሥሪያ ቤት በጀት መያዙ ራሱ ብክነት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ብቻዋን የሄደችውን ልጅ ከኋላዋ ሆኖ ያነሳት ማነው? ደውዬ ጠየቅኳት። የባጃጅ ሹፌር ለምና ኖሯል። አሥራ አንድ ጊዜ አነሳት፤ በሰባተኛው ላይ ነፍሷ ስትጠራት ፍየል አለፈች።

ከዚያ ወሬ ወሬን ሳበ። አውቶቡሱ የተነሳው ገና ሳይነጋ ነው። የቦርሳዋን ማንገቻ እጇ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ፣ መሽናት ቢመጣ ማንን አስቁሙልኝ እላለሁ ብላ እስከ አሰበ ተፈሪ ውኃ አልቀመሰችም። ጎኗ የተቀመጡት እናት «ማን ጋ ነው የምትሄጂው ልጄ?» ሲሏት «አክስቴ ጋ» አለች። ሐረር አክስት የላትም። ሴትዮዋ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቁ አይደሉም፤ ሂርና ላይ አክስትየው ሦስት ልጅ ወልዳ፣ ስኳር ይዟት፣ ከባሏ ተጣልታ ነበር። ሐረር ሲደርሱ ሴትዮዋ «እግዜር ይማራት» ብለው ብርቱካን ሰጧት፣ ለአክስቷ። ማታ አልጋ ክፍሏ ውስጥ የጅብ ድምፅ ሰማች። ጅብ በር እንደማይከፍት ብታውቅም ወንበር በሩ ላይ ደገፈች።

ጠዋት ጁገል ገባችና ጠፋች። አንዱ ቀጭን መንገድ ሌላውን ይወልዳል፣ ግድግዳው ሁሉ ኖራ ነው። ስልኳን አውጥታ ካርታ ልታይ ስትል ተወችው፤ ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ግራ ታጠፈች፣ ከዚያ ደስ ስላላት ብቻ እንደገና ወደ ግራ። ከሩቅ የስፌት መኪና ሲንጫጫ ሰማችና ድምፁን ተከትላ መኪና ግርግር ወጣች፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ነው። ምሳዋን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላች። «ጋሼ፣ ለምን አረፈድሽ የሚለኝ ሰው እኮ አልነበረም» አለችኝ፤ ድምፏ ተሰበረ፣ ከዚያ ሳቀች።

ይህን ሁሉ ከካፕሽኑ ማስወጣቷ የሚደነቅ ጥበብ ነው። ኢንስታግራም ለአንድ ካፕሽን 2,200 ፊደል ይፈቅዳል፤ አክስትየዋ ከነስኳሯ በደንብ ትገባ ነበር። ነገር ግን ሳይነካ የሚታየው የመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት መስመር ነው፣ እዚያ ደግሞ ነፍስ ቀድማ ወንበሩን ይዛለች። ፍርሃቱ ሲወጣ ነፃነቱም አብሮት መውጣቱ ያለ ነው፤ ወንበር በሩ ላይ ያልደገፈ ሰው ጠዋት በሩን ሲከፍት ምን ይሰማዋል? እኔም ለሙከራ «ሐረር» የሚለውን ሰርዤ «ጎንደር» ብዬ ጻፍኩበት። ምንም አልጎደለም፤ ግንብ እዚያም አለ። መኪና ግርግርን ግን ጎንደር ልውሰድሽ ብትሏት አትሄድም።

እንዲያውም ደፍሬ አንድ ጽፌ ላክሁላት፦ «ለጎኔ ተሳፋሪ ሐረር አክስት አለችኝ አልኩ። የለችኝም። ሂርና ላይ ስኳር ያዛት። ዛሬ ጁገል ውስጥ ጠፋሁ፣ የሚጠብቀኝ አልነበረም፣ ምሳዬን ዘጠኝ ሰዓት በላሁ። ብርቱካኗ ጣፋጭ ናት።»

«ውይ ጋሼ፣ ይሄማ ፈሪ ያስመስለኛል። ደግሞ እማዬ ታየዋለች።»

የራሷን ለጠፈችው። ልብ ዘነበ፣ እሳት ዘነበ፣ «ንግሥት» ተባለች። ከሥር አንድ የማታውቀው ሰው «ፓኬጁ ስንት ነው? ቁርስን ይጨምራል?» ሲል ጠየቀ።

«ብቻዬን ነው የሄድኩት» ብላ መለሰችለት።

«እሺ፣ ለአንድ ሰው ስንት ነው?»